«መነጽሩ አልተገኘም» — ማን ፈልጎት?

«አልተገኘም» አድራጊዋን የምትደብቅ ቃል ናት። ማን ፈለገ? የት ፈለገ? ማንን ጠየቀ? አንዱንም አትነግረንም። በየመሥሪያ ቤቱ «ፋይልህ አልተገኘም» የተባለ ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ፋይሉ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ፈላጊው መደርደሪያውን ተሳስቶ ይሆናል፤ ጭራሽም ከወንበሩ ሳይነሳ መልሶልን ይሆናል።

የኮምፒውተር ጌሞችም ይህችን ቃል ወደዋታል። የቪአር መነጽራችንን በኬብል ሰክተን፣ ራሳችን ላይ አጥልቀን፣ ጌሙን ስንከፍት «የቪአር መነጽር አልተገኘም» ይለናል። ከዚያ የሚሆነው ይታወቃል። አንዱ «ኬብሉ ነው» ይልና አዲስ ኬብል ይገዛል። ሌላው «ፖርቱ ደክሟል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የአገራችንን የኮምፒውተር ሕክምና ሁሉ የምትጠቀልለውን ቃል ይወረውራል፦ «ፎርማት ይደረግ!»

የእኛ አቋም አጭር ነው። አብዛኛው ድካምና ወጪ የሚመጣው ከዕቃው ብልሽት ሳይሆን ከጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። ኬብል ከመግዛታችን በፊት መጠየቅ ያለብን «ጌሙ ማንን ጠየቀ?» ብለን ነው። የጌም ሠሪዎች ደግሞ የዚህን ጥያቄ መልስ በእጃቸው ይዘው ከእኛ መደበቃቸውን ሊያቆሙ ይገባል። ለምን እንደዚህ እንደምንል ከሥሩ እንጀምር።

ጌሙ መነጽሩን አያየውም

ብዙዎቻችን ጌሙ በኬብሉ በኩል ቀጥታ ወደ መነጽራችን የሚመለከት ይመስለናል። አይደለም። በመካከላቸው ራንታይም የሚባል ፕሮግራም አለ። መነጽሩን የሚያውቀው፣ የጭንቅላታችንን እንቅስቃሴ የሚከታተለው፣ ሥዕሉን ተቀብሎ ወደ መነጽሩ የሚያደርሰው እሱ ነው። ጌሙ የሚያውቀው ራንታይሙን ብቻ ነው።

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከአንድ በላይ ራንታይም ሊኖር ይችላል። የኩዌስት መነጽር ያለው ሰው የሜታን ፕሮግራም ሲጭን የሜታ ራንታይም አብሮ ይገባል። ጌም ከስቲም ላይ ሲገዛ ስቲምቪአርን ይጭናል፤ እሱም የራሱ ራንታይም አለው። ሁለቱም በአንድ ቤት ይኖራሉ። ጌሙ ማንን ይጠይቅ?

ይህን የሚወስን መስፈርት አለ፤ ኦፐንኤክስአር ይባላል። ክሮኖስ የተባለው የኩባንያዎች ኅብረት በ2019 የመጀመሪያውን ሙሉ እትም አወጣው። ከዚያ በፊት ጌም ሠሪው ለእያንዳንዱ መነጽር የተለየ ኮድ መጻፍ ነበረበት፤ አሁን አንዴ ይጽፋል፣ ሁሉም ይረዳዋል። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን መስፈርቱ አንድ ደንብ አለው፦ በአንድ ጊዜ በመንበሩ ላይ የሚቀመጠው ራንታይም አንድ ብቻ ነው። ማን እንደተቀመጠ በዊንዶውስ ሬጂስትሪ ውስጥ በአንዲት መስመር ተጽፏል። ጌሙ ሲነሳ ያቺን መስመር ያነባል፣ የተጻፈለትን ራንታይም ይጠራል፣ «መነጽር አለህ?» ይለዋል። የለኝም ካለው ወደ ጎረቤቱ ሄዶ አይጠይቅም። በቃ፣ «አልተገኘም»።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤታችን እንመለስ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ «ለዚህ ጉዳይ ቢሮ ቁጥር 4 ግባ» ብሎ ላከን። ቢሮ 4 ገባን፤ ፋይላችን የለም። ፋይሉ ቢሮ 5 ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ቢሮ 4 አልዋሸም፤ እሱ ዘንድ በእርግጥ የለም። ጥፋቱ የዘበኛው ወረቀት ላይ ነው። ያቺ ወረቀት ናት የሬጂስትሪዋ መስመር።

የአንድ ወዳጃችን ኮምፒውተር

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚታይ በአንድ ወዳጃችን ቤት ያየነውን እንንገራችሁ። መነጽሩ ኩዌስት 2 ነው፤ ኮምፒውተሩ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ። ቀድሞ በኬብል ይጫወት ነበር። ኬብሉ ሲያስቸግረው ጊዜ ስቲም ሊንክ የተባለውን መተግበሪያ መነጽሩ ላይ ጭኖ በዋይፋይ መጫወት ጀመረ። የስቲምቪአር መነሻ ክፍል ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ እጁን ሲያነሳ እጁ ይነሳል። የበረራ ጌሙን ከፍቶ የቪአር ሁነታን ሲጫን ግን «መነጽር አልተገኘም»።

ልብ በሉ፤ መነጽሩን ራሱ ላይ አጥልቆ፣ በዚያው መነጽር ውስጥ እያየ ነው የለም የሚባለው። ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ከላይ ያልነውን ላስታወሰ ሰው ምስጢር የለውም። በኬብል ይጫወት በነበረ ጊዜ በመንበሩ ላይ ያስቀመጠው የሜታን ራንታይም ነበር። በዋይፋይ ሲዞር መነጽሩ ከስቲምቪአር ጋር ተገናኘ፤ ወረቀቱ ግን አልተቀየረም። ጌሙ የሜታን ራንታይም ጠየቀ። እሱም በኬብሉ በኩል ተመለከተ፤ ምንም የተሰካ የለም። «የለኝም» አለ። እውነቱን ነው።

ለማረጋገጥ ኮምፒውተር ሠሪ መጥራት አላስፈለገንም። የትእዛዝ መስኮቱን (`cmd`) ከፍተን ይህችን ጻፍን፦

```
reg query "HKLM\SOFTWARE\Khronos\OpenXR\1" /v ActiveRuntime
```

የመጣልን መልስ እንዲህ የሚል ፋይል ስም ያዘ፦

```
C:\Program Files\Oculus\Support\oculus-runtime\oculus_openxr_64.json
```

ኦኩለስ የሜታ የቪአር ምርቶች የቀድሞ መጠሪያ ስለሆነ በፋይሎቹ ላይ እስካሁን አለ። ስቲምቪአር በመንበሩ ላይ ቢሆን ኖሮ የፋይሉ ስም `steamxr_win64.json` ይሆን ነበር። መድኃኒቱም አጭር ነው። የስቲምቪአርን ማስተካከያ ከፍቶ `OpenXR` በሚለው ክፍል ስቲምቪአርን የኦፐንኤክስአር ራንታይም አድርግ የሚለውን መጫን፣ ከዚያ ጌሙን ዘግቶ እንደገና መክፈት። ወዳጃችን ከሁለት ደቂቃ በኋላ አየር ላይ ነበር። ወደ ኬብል ሲመለስ ደግሞ በሜታው ፕሮግራም ማስተካከያ ውስጥ `OpenXR Runtime` የሚለውን መስመር ፈልጎ መልሶ ማዞር ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ በመስመሯ ላይ የተጻፈው ፋይል ጭራሽ የሌለ ከሆነስ? ፕሮግራሙ ተነቅሎ ወረቀቱ ከቀረ ዘበኛው ወደ ፈረሰ ቢሮ ነው የሚልከን። የዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ መነጽር የያዛችሁ ይህን በተለይ ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት ያንን ሥርዓት በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም፣ ከ`24H2`፣ ጀምሮ አስወጥቶታል። ስለዚህ መልሱ `MixedRealityRuntime.json` የሚል ከሆነና ዊንዶውሳችሁ ከዚያ እትም ወዲህ ያለ ከሆነ ኬብል መቀየር ከንቱ ድካም ነው። ሁለተኛ፣ ከኦፐንኤክስአር በፊት የተሠሩ የቆዩ ጌሞች ይህችን መስመር አያነቧትም፤ ገሚሶቹ ቀጥታ ስቲምቪአርን፣ ገሚሶቹ ቀጥታ ኦኩለስን ይጠራሉ። ለእነሱ መንበሩን መቀያየር ምንም አይለውጥም።

ፎርማት ለምን «ይፈውሳል»?

እዚህ ላይ ለፎርማት ወዳጆች መልስ እንስጥ፤ ምክንያቱም «እኔ ፎርማት አድርጌ ሠርቶልኛል» የሚል አይጠፋም። እናምነዋለን። ዊንዶውስ ከባዶ ሲጫን ሬጂስትሪው ይጠፋል፣ ያቺ ስሕተት የያዘች መስመርም አብራ ትጠፋለች። ከዚያ ሰውየው አንድ የቪአር ፕሮግራም ብቻ ይጭናል፣ መንበሩም ለእሱ ይሆናል፣ ጌሙ ይሠራል። ማለትም ዳፋውን በእሳት አጥፍቶ ቤቱን እንደገና እንደመሥራት ነው። ችግሩ ፈውሱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛውን ፕሮግራም ሲጭን በሽታው ይመለሳል፣ እሱም «ዊንዶውሱ ቫይረስ ገባበት» ብሎ እንደገና ፎርማት ያስደርጋል። ገንዘቡ ይቅር፤ ያልተቀዳ ፎቶ፣ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ የሄደበት ሰው ስንት ነው?

አሁን ስለ ኬብል

ራንታይሙ ትክክል መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ ኬብልን መጠርጠር ተገቢ ነው። ወዳጃችንም ዋይፋዩ ስለሚቆራረጥበት ወደ ኬብል መመለስ ፈለገ። ከአንድ ሱቅ «ዩኤስቢ 3 ነው» ተብሎ የተሸጠለት ባለ 5 ሜትር ኬብል ነበረው። ሰካው። መነጽሩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። «እንግዲህ ኬብሉ ደህና ነው» አለን።

አይደለም። በዩኤስቢ ኬብል ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ሁሉ አንድ ሥራ አይሠሩም። ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት የብቻቸው ናቸው። ለዩኤስቢ 2 የሚሆኑ ሁለት የመረጃ ሽቦዎች አሉ። ለዩኤስቢ 3 ፍጥነት ደግሞ ከእነዚያ ሌላ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። የኋለኞቹ ቢበጠሱ ወይም ከመጀመሪያውኑ ባይኖሩ ቻርጁ ይቀጥላል፣ ኮምፒውተሩም መነጽሩን በዩኤስቢ 2 ሊያየው ይችላል። ከላይ ሲያዩት ልዩነት የለውም። ከመነጽሩ ሳጥን ጋር የሚመጣው የቻርጅ ኬብልም ጫፉ ያው ታይፕ-ሲ ቢሆንም የተሠራው ለቻርጅ ነው። ስለዚህ ቻርጅ ማድረጉ ለኤሌክትሪኩ ሽቦ ብቻ የሚመሰክር ምስክር ነው።

ማረጋገጫው መለካት ነው። በሜታው ፕሮግራም ውስጥ መነጽሩን መርጦ የዩኤስቢ ፍተሻውን (`USB Test`) ማስኬድ ይቻላል። ደህና የሆነ የዩኤስቢ 3 መስመር ከ2 ጊጋቢት በሰከንድ በላይ ያሳያል። በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋቢት ብቻ ካሳየ መስመሩ ወደ ዩኤስቢ 2 ወርዷል፤ የዩኤስቢ 2 ጣሪያ 480 ሜጋቢት ነውና። ሊኑክስ የሚጠቀም አንባቢ `lsusb -t` ብሎ ቢጽፍ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን `480M` ወይም `5000M` የሚል ያገኛል። የወዳጃችን ኬብል የወረደው ነበር።

ግን ጥፋተኛው ኬብሉ ነው ወይስ ፖርቱ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ኬብሉንም ፖርቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይርና ሲሠራለት የትኛው እንደፈወሰው ሳያውቅ ይቀራል። ደንቡ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። እኛ ፖርቱን ሳንነካ ለውጫዊ ሃርድ ዲስክ የሚያገለግል፣ ዩኤስቢ 3 መሆኑን በዲስኩ ፍጥነት የምናውቀው ባለ 1 ሜትር ኬብል ሰካን። ቁጥሩ ከ2 ጊጋቢት በላይ ዘለለ። እንግዲህ ፖርቱ ነጻ ወጣ፤ ረጅሙ ኬብል ተፈረደበት።

ርዝመቱ ራሱ ነገር አለው። የዩኤስቢ 3 ምልክት በተራ የመዳብ ሽቦ ውስጥ በሄደ ቁጥር ይደክማል፤ ከ3 ሜትር ገደማ በኋላ አያስተማምንም። የኦኩለስ የራሱ የሊንክ ኬብል 5 ሜትር ሆኖ የሚሠራው ውስጡ የመስታወት ክር፣ ማለትም ፋይበር ስላለው ነው። በዋጋው የተወደደውም ለዚሁ ነው። 5 ሜትር ርዝመት ያለውን ተራ መዳብ በርካሽ ያገኘ ሰው ርካሽ ያገኘው ርዝመቱን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም።

አንዲት ትንሽ ምልክት ደግሞ እንጨምር። የታይፕ-ሲ ጫፍ በሁለቱም ወገን ይሰካል። ኬብሉ በአንድ ወገን ሲሰካ ፈጣን፣ ገልብጠን ስንሰካው ዘገምተኛ ከሆነ ጥርጣሬው ከሽቦው ይልቅ ወደ መሰኪያው ቀዳዳ ያደላል። ሲገለበጥ የሚቀየረው በቀዳዳው ውስጥ ያለው የመገናኛ ረድፍ ነውና። አቧራ፣ የልብስ ክር፣ የተጣመመ ጥርስ ካለ እዚያ ነው የሚፈለገው። ይህን የሚያውቅ ሰው ኬብል ከመግዛት በፊት መብራት ይዞ ቀዳዳውን ያያል።

ፖርቱና መንገዱ

ስለ ባንድዊድዝ የሚወራው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ከወሬው የተለየ ነው። መጀመሪያ ሒሳቡን እናስላ። የኩዌስት 2 ስክሪን ለእያንዳንዱ ዓይን 1832 በ1920 ነጥብ ነው። ለሁለት ዓይን 7 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት፣ በሰከንድ 72 ሥዕል ብንል 12 ጊጋቢት በሰከንድ ይመጣል። የዩኤስቢ 3 መንገድ ስፋት ደግሞ 5 ጊጋቢት ነው፤ ከዚያም ላይ ምልክቱን ለማስተካከል የሚወጣው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው 4 ነው። ስለዚህ ጥሬው ሥዕል በዚህ መንገድ ጭራሽ አያልፍም። ሊንክ የሚሠራው ሥዕሉን እንደ ቪዲዮ ጨምቆ ስለሚልከው ነው። ተጨምቆ ጥቂት መቶ ሜጋቢት ስለሚሆን ከ2020 ጀምሮ በዩኤስቢ 2 ሳይቀር እንዲሠራ ተደርጓል።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ መነጽር የጠበበ መንገድ የሚያመጣው ብዥታና መንተባተብ ነው እንጂ «አልተገኘም» አይደለም። «ባንድዊድዙ ስላነሰ ነው መነጽሩ የማይታየው» የሚላችሁን ባለሙያ በጥርጣሬ ተመልከቱት። መነጽሩ ከጅምሩ ጭራሽ ካልታየ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ራንታይሙ፣ የመረጃ ሽቦው፣ ወይም መነጽሩ ውስጥ ሊንክን ለማስጀመር የሚመጣው የፈቃድ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱ።

ታዲያ ፖርት መቼ ነው ጥፋተኛ የሚሆነው? ወዳጃችን አዲስ ደህና ኬብል ካገኘ በኋላ የገጠመው ይህ ነው። ጌሙ ይጀምራል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ መነጽሩ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሀብ አለ፤ መነጽሩ፣ ዌብካም፣ ማይክሮፎንና ውጫዊ ዲስክ ሁሉም እዚያ ላይ ተሰክተዋል። ባለ አራት ቀዳዳ ሀብ አራት መንገድ የሚሰጥ ይመስላል። አራት በር ያለው ግቢ ነው፤ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ ግን አንድ ነው። ዲስኩ ላይ ፋይል ሲቀዳ ያው አንዱ መንገድ ይጨናነቃል፤ ኤሌክትሪኩም ከአንድ ቀዳዳ ተቀድቶ ለአራት ይከፋፈላል።

በኮምፒውተሩ ጀርባ ያሉ ፖርቶችም ቢሆኑ ሁሉም ነጻ አይደሉም፤ ብዙዎቹ አንድ ተቆጣጣሪ ቺፕ ይጋራሉ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋራ ለማየት በዊንዶውስ `Device Manager` ውስጥ `View` ከሚለው `Devices by connection` የሚለውን መምረጥ ነው። ዝርዝሩ እንደ ቤተሰብ ዛፍ ይሆናል፤ መነጽሩ በየትኛው ተቆጣጣሪ ሥር፣ ከማን ጋር ወንድማማች ሆኖ እንደተቀመጠ ይታያል። ወዳጃችን መነጽሩን ከሀቡ አውጥቶ በኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ሌላ ከባድ ዕቃ በሌለበት ተቆጣጣሪ ላይ ሰካው። መጥፋቱ ቆመ። ከፊት ለፊት ያሉት ፖርቶች በሳጥኑ ውስጥ በሌላ ሽቦ ተጎትተው የመጡ ስለሆኑ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም።

ዊንዶውስ `Not enough USB controller resources` የሚል መልእክት ካወጣ ደግሞ ነገሩ ስለ መንገዱ ስፋት አይደለም። ተቆጣጣሪው በአንድ ጊዜ መዝግቦ የሚይዛቸው የግንኙነት መስመሮች ቁጥር የተወሰነ ነው፤ መዝገቡ ሞልቷል ማለት ነው። አንዳንድ ዕቃዎችን ነቅሎ ወደ ሌላ ተቆጣጣሪ ማዛወር እንጂ ፈጣን ኬብል መግዛት አይፈታውም።

የእኛ ክርክር

እስካሁን ያልነው ለተጠቃሚው ነው። አሁን ወደ ጌም ሠሪዎች እንዙር።

የኦፐንኤክስአር መስፈርት ለጌሙ የሚመልሰው መልስ «አልተገኘም» የሚል አንድ ቃል አይደለም። ራንታይሙ ራሱ ካልተገኘ `XR_ERROR_RUNTIME_UNAVAILABLE` ይለዋል። ራንታይሙ ተገኝቶ መነጽሩ ካልተሰካ `XR_ERROR_FORM_FACTOR_UNAVAILABLE` ይለዋል። የመጀመሪያው «ቢሮው ፈርሷል» ነው፤ ሁለተኛው «ቢሮው አለ፣ ፋይሉ ግን እኔ ዘንድ የለም» ነው። ሁለቱ ሁለት የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ከዚህም በላይ ጌሙ የጠየቀውን ራንታይም ስም የሚያውቅበት መንገድ በመስፈርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶለታል፤ `runtimeName` ይባላል። ማለትም ጌሙ «የሜታን ራንታይም ጠይቄ መነጽር የለኝም ብሎኛል» ብሎ ሊነግረን ይችላል። ሁሉንም ያውቃል። ከዚያ ሁለቱንም መልስ አንድ ላይ ጨፍልቆ «አልተገኘም» ብሎ ይሰጠናል።

«ተራ ተጫዋች በኮድ ይደናገጣል» ይሉናል። ይህ ክርክር ሚዛን እንዳለው አንክድም። ጨዋታ ሊጫወት የመጣ ሰው የስሕተት ቁጥር ማንበብ አይወድም። ግን ተራው ተጫዋች አሁንስ ምን እየሆነ ነው? ያልተበላሸ ኬብል ይጥላል፣ ያልታመመ ኮምፒውተር ፎርማት ያስደርጋል። ከአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር የባሰ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ስቲምቪአር በበኩሉ ገና ከቀድሞ ቁጥር ይሰጣል፦ `108` ከሆነ መነጽሩ አልታየም፤ `208` ከሆነ መነጽሩ ታይቷል፣ ስክሪኑ ግን አልተገኘም። እንደ ቫልቭ ኢንዴክስ ባሉ ሥዕሉ በዲስፕሌይፖርት፣ ቀሪው በዩኤስቢ በሚሄድባቸው መነጽሮች ላይ ይህች የቁጥር ልዩነት የትኛውን ሽቦ መጀመሪያ መንካት እንዳለብን ትነግረናለች። ቁጥሩን አይቶ የሞተ ተጫዋች አላየንም።

«ታዲያ ለምን ጌሙ ራንታይሞቹን ሁሉ ዞሮ አይጠይቅም?» የሚል አንባቢም ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ከጌም ሠሪዎቹ ጎን እንቆማለን። ራንታይም መጥራት ማለት ብዙ ጊዜ ያንን ፕሮግራም ቀስቅሶ ማስነሳት ማለት ነው። ሁሉንም በየተራ የሚቀሰቅስ ጌም አንዱን መነጽር ለማግኘት ሰፈሩን ሁሉ ከእንቅልፉ የሚያነሳ እንግዳ ይሆናል። አንድ መንበር መኖሩ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ በመንበሩ ላይ ማን እንዳለ አለመናገር ነው።

የምንጠይቀው እንግዲህ አንዲት መስመር ናት። «አልተገኘም» በሚለው ሥር የተጠየቀው ራንታይም ስምና የተሰጠው መልስ ይጻፍ። እስከዚያው ድረስ እናንተም ጌሙ «የለም» ሲላችሁ ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ማን ተጠየቀ? መስመሩ በምን ፍጥነት ተያያዘ? መንገዱን ከማን ጋር እየተጋራ ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ ከላይ የጻፍናት የአንድ መስመር ትእዛዝ ትበቃለች፤ ዋጋዋም ባዶ ነው። ኬብሉን ግን ሱቁ መልሶ አይቀበላችሁም።